ቪዲዮው ወደ ቁም ሲቀየር ሰብታይትሉ ለምን ይቆረጣል? ደረጃ በደረጃ ማስተካከያው

ሽሮ ሜዳ አንድ አዛውንት ሸማኔን ቃለ መጠይቅ አድርጌላቸው ነበር። የሚያወሩት በጋሞኛ ስለሆነ ከታች የአማርኛ ሰብታይትል አስገባሁበት። ቪዲዮው በአግድም የተቀረፀ ነው፣ 1920 በ1080። ላፕቶፕ ላይም ቴሌቪዥን ላይም ሳየው አንድም እንከን አልነበረበትም። በኋላ ለቲክቶክ እንዲሆን አንድ ደቂቃ ያህሉን መርጬ፣ ግራና ቀኙን ቆርጬ በቁም አወጣሁትና ለቤተሰባቸው ላክሁ። ልጃቸው ወዲያው መለሰችልኝ፤ «ጽሑፉ ምን ይላል? ግማሹ የለም እኮ» አለች።

ከፍቼ አየሁት። አንደኛው መስመር ድሮ እንዲህ ነበር፦ «ይህን ጥለት ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ እኔም ለልጄ አሳያለሁ»። ቁሙ ቪዲዮ ላይ የቀረው ግን «ስተማረኝ አባቴ ነው፣ እኔም» የሚል ብቻ ነው። ጥለት የሚለው ቃል ራሱ ጠፍቷል። ጋሞኛ ለማይሰማ ሰው እኚህ አባት ምን እንዳሉ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ተቀመጥኩ። እዚህ የምጽፈው ያኔ ያደረግሁትን ነው፤ አግድም ቪዲዮ ከነሰብታይትሉ ወደ ቁም ሲቀየር ምን እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚስተካከል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቪዲዮው ሳይነካ ስልክ ላይ ሲታይ ብቻ ስለሚቆረጠው ጽሑፍ እመለሳለሁ።

የተጠቀምኩት ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እና ተራ የጽሑፍ ማረሚያ ነው። በሌላ የኤዲቲንግ ፕሮግራም የምትሠሩም ብትሆኑ አሠራሩ አይለወጥም፤ ቁልፎቹ ያሉበት ቦታ ነው የሚለያየው።

1. መጀመሪያ ሰብታይትሉ የቱ ዓይነት እንደሆነ እዩ

ሰብታይትል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ምስሉ ላይ ተጣብቆ የምስሉ አካል የሆነ ነው። ሌላው ለብቻው በፋይል የተቀመጠና ማጫወቻው በላዩ ላይ የሚያሳየው ነው። ለመለየት ቪዲዮውን በቪኤልሲ ክፈቱና `v` የምትለዋን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ጽሑፉ ከጠፋ ለብቻው ያለ ነው፣ እንደፈለጋችሁ ታዙታላችሁ። ምንም ካልሆነ ተጣብቋል ማለት ነው።

የተጣበቀ ጽሑፍ ከምስሉ አይላቀቅም። ስለዚህ ምስሉን ስትቆርጡ አብሮ ይቆረጣል። የኔም ችግር ይኸው ነበር፤ ሰብታይትሉ ገብቶበት ኤክስፖርት የተደረገውን ቪዲዮ ነው መልሼ የቆረጥኩት። ጽሑፉ ያልገባበት ንጹሕ ቪዲዮ እና የሰብታይትል ፋይሉ ካላችሁ ከሁለቱ ጀምሩ፣ ሌላ ነገር አትሞክሩ።

ንጹሑ ቪዲዮ ከጠፋስ? ያለው መውጫ አንድ ነው። ምስሉን ሳትቆርጡ እንዳለ አሳንሳችሁ ቁሙ ፍሬም መሃል ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ከላይና ከታች ባዶ ቦታ ይቀራል፦

```
ffmpeg -i shema-text.mp4 -vf "scale=1080:608,pad=1080:1920:0:656,setsar=1" -c:a copy kum.mp4
```

እዚህ ላይ ምንም ፊደል አይቆረጥም። ግን ቁመቱ 54 ፒክስል የነበረ ጽሑፍ ወደ 30 ይወርዳል፣ ስልክ ላይ ለማንበብ ዓይን ያስጨንቃል። ለዚህ ነው ንጹሑን ቪዲዮ ፈልጉ የምለው። የቀረፀውን ሰው ጠይቁ፣ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ፈትሹ።

2. ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ

ግማሹ ችግር እዚህ ነው ያለው። ሥራው ሦስት ነገር ነው፦ መቆረጥ፣ መጠን መቀየር፣ ጽሑፍ መጻፍ። ጽሑፉ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት። ኤፍኤፍኤምፔግ በ`-vf` ውስጥ ያለውን ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ነው የሚሠራው። ስለዚህ `subtitles` ከ`crop` በፊት ከተጻፈ መጀመሪያ በሰፊው ምስል ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ የጻፈውን ይቆርጣል። ትክክለኛው ይህ ነው፣ `kum.ass` የሚለውን የሰብታይትል ፋይል በደረጃ 3 እንሠራዋለን፦

```
-vf "crop=608:1080:700:0,scale=1080:1920,setsar=1,subtitles=kum.ass"
```

ቁጥሮቹ ከየት መጡ? ቁም ቪዲዮ 9 ለ16 ነው። ቁመቱ 1080 ከሆነ ወርዱ 607.5 ይሆናል፣ ግማሽ ፒክስል ስለሌለና ቁጥሩም ሙሉ ለሙሉ ለ2 መካፈል ስላለበት 608 አደረግሁት። 700 ደግሞ መቁረጡ ከግራ በኩል የሚጀምርበት ቦታ ነው። ባትጽፉት ልክ መሃሉን ይወስዳል፣ የኔ ሸማኔ ግን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ነበሩ የተቀመጡት። የናንተን ለማግኘት አንድ ፍሬም በፎቶ አውጡና የሰውየው አፍንጫ ከግራ ስንተኛው ፒክስል ላይ እንደሆነ አይታችሁ 304 ቀንሱ። የሳቸው 1004 አካባቢ ነበር፣ ስለዚህ 700።

`setsar=1` ትንሽ ትመስላለች ግን አትተዋት። ቪዲዮ ፋይል ውስጥ የአንዲት ፒክስል ቅርፅ ምን እንደሆነ የሚናገር ቁጥር አለ። 608 በ1080ን ወደ 1080 በ1920 ስትለጥጡ ያ ቁጥር ከ1 በትንሹ ይዛነፋል፣ አንዳንዱ ማጫወቻ ደግሞ በዚያ ምክንያት ምስሉን መልሶ ይጎትተዋል። ከድሮ ዲቪዲ የተወሰደ ቪዲዮ ላይማ ጉዳዩ ትልቅ ነው፤ 720 በ576 ሆኖ ሲታይ ግን 16 ለ9 የሚሆን ብዙ ነው። እንደዚህ ዓይነት ላይ ጽሑፍ ስታስገቡ ፊደሎቹ ተጨፍልቀው ወይ ወደ ጎን ወፍረው ካያችኋቸው ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔው ከሁሉም በፊት `scale=1024:576,setsar=1` ብሎ ፒክስሉን እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ማድረግ ነው፣ ከዚያ ወደ መቁረጡ።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ሌላም ጥቅም አለው። ምስሉ ከ608 ወደ 1080 ሲለጠጥ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ያ አይቀርም። ጽሑፉ ግን ከመለጠጡ በኋላ ስለሚጻፍ ጥርት ብሎ ይወጣል።

3. የሰብታይትሉን ፋይል ለቁም ፍሬም እንደገና ልኩት

ቅደም ተከተሉን ካስተካከልኩ በኋላ ጽሑፉ መቆረጡ ቀረ። በምትኩ ግን ፊደሎቹ ግዙፍ ሆነው አራት መስመር ሞሉ፣ ከታች ደግሞ ወደ ፍሬሙ ጫፍ ተጠግተው ቆሙ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ይላል። አልተበላሸም።

ነገሩ እንዲህ ነው። `.srt` ፋይል ውስጥ ሰዓትና ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። መጠን የለም፣ ቦታ የለም። ኤፍኤፍኤምፔግ እሱን ሲቀበል በውስጡ መጠንና ቦታም ወደሚይዘው `.ass` ይቀይረውና ወርዱ 384፣ ቁመቱ 288 የሆነ ምናባዊ ሰሌዳ ላይ ያስቀምጠዋል። በዚያ ሰሌዳ ላይ የፊደሉ መጠን 16 ነው፣ ከታች ያለው ክፍተት ደግሞ 10። ከዚያ ሰሌዳውን በቪዲዮው ቁመት ልክ ያሳድገዋል። ቁመቱ 1080 የሆነ ቪዲዮ ላይ 16 የነበረው 60 ይሆናል፣ ደህና ነው። ቁመቱ 1920 የሆነ ላይ ግን ወደ 107 ይጠጋል። አያችሁ? የፍሬሙ ወርድ በግማሽ ያህል ጠቦ ሳለ ፊደሉ በእጥፍ ያህል አደገ። ከታች ያለው ክፍተትም 67 ፒክስል ብቻ ነው የሚሆነው፣ ቲክቶክ የአካውንቱን ስምና መግለጫ የሚጽፍበት ቦታ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ለ1920 በ1080 ተብሎ በደንብ የተሠራ `.ass` ፋይልም ቢሆን ያው ነው። 54 ብላችሁ የጻፋችሁት ፊደል ቁሙ ላይ 96 ይሆንባችኋል።

ስለዚህ ፋይሉን መጀመሪያ ቀይሩት፦

```
ffmpeg -i agdim.srt kum.ass
```

ከዚያ `kum.ass`ን በጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱ። ከላይ በኩል እነዚህን ሁለት መስመሮች ፈልጉና በቁሙ ፍሬም ልክ አድርጓቸው፦

```
PlayResX: 1080
PlayResY: 1920
```

አሁን ሰሌዳውና ቪዲዮው እኩል ስለሆኑ የምትጽፉት ቁጥር ሁሉ በቀጥታ ፒክስል ነው። ትንሽ ዝቅ ስትሉ በ`Style: Default` የሚጀምር ረጅም መስመር አለ። የኔ በመጨረሻ ይህን ሆነ፦

```
Style: Default,Noto Sans Ethiopic,72,&H00FFFFFF,&H00FFFFFF,&H00000000,&H00000000,0,0,0,0,100,100,0,0,1,4,0,2,100,100,520,1
```

ሁሉንም ማወቅ አያስፈልግም። የፎንቱ ስም ቀጥሎ ያለው 72 የፊደሉ መጠን ነው። ወደ መጨረሻው ያለው 2 ጽሑፉ ከታች መሃል ይቀመጥ ማለት ነው፤ ቁጥሩ የኮምፒውተር ኪቦርድ ቀኝ በኩል ያሉትን የቁጥር ቁልፎች አቀማመጥ ይከተላል፣ 8 ካደረጋችሁት ከላይ መሃል ይሆናል። ከ2 ቀጥለው ያሉት 100 እና 100 የግራና የቀኝ ክፍተት ናቸው። 520 ከታች ያለው ክፍተት ነው።

520 ለምን? ከታች ያለው ሩብ የፍሬሙ ክፍል፣ ማለትም 480 ፒክስል፣ የመተግበሪያው ጽሑፍና ምልክት የሚያርፍበት ነው ብዬ ትቼዋለሁ፤ ትንሽ ጨመር አድርጌ 520 አልኩ። ይህ የራሴ ልክ ነው። መተግበሪያዎቹ መልካቸውን ስለሚቀያይሩ የናንተን ስልክ ላይ አይታችሁ ወስኑ። በቀኝ በኩል የልብና የአስተያየት ምልክቶች ስላሉም 100ውን ከዚያ አታሳንሱ።

አንድ ወጥመድ አለ። ፋይሉ ውስጥ `\pos` የሚል ፈልጉ። ይህ ትእዛዝ ያለበት መስመር ክፍተት ምናምን አይሰማም፣ የተባለበት ቦታ ሄዶ ነው የሚቀመጠው። ለአግድሙ `\pos(1500,200)` ተብሎ የሰው ስም የተጻፈ ከነበረ፣ `PlayResX`ን ወደ 1080 ስትቀይሩ 1500 ከፍሬሙ ውጭ ስለሆነ ስሙ ጭራሽ አይታይም። ስሙ የት ገባ ብላችሁ ሰዓታት እንዳትፈልጉ። ትእዛዙን ሰርዙት፣ ጽሑፉ ከላይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ በቦታው `\an8` ጻፉ።

4. መስመሮቹን እንደገና ስበሩ

ይህን ደረጃ ማሽን አይሠራላችሁም፣ ተቀምጦ መሥራት ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው።

ቁሙ ፍሬም ላይ ግራና ቀኝ 100፣ 100 ስትተዉ ለጽሑፍ የሚቀረው 880 ፒክስል ነው። በ72 መጠን የአማርኛ ፊደል ክፍት ቦታውን ጨምሮ በአማካይ 48 ፒክስል አካባቢ ወሰደብኝ። ስለዚህ አንድ መስመር 18 ፊደል ገደማ ነው የሚይዘው። አግድሙ ላይ 36 ፊደል የነበረው የሸማኔው ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር አይገባም፣ ሁለት ላይም ጠባብ ነው። ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ፕሮግራሙ ራሱ ይሰብረዋል፣ ግን የት እንደሚሰብረው ትርጉሙን አይቶ አይደለም።

ሁለተኛ ችግር ደግሞ ለአግድሙ ብላችሁ በእጅ የሰበራችኋቸው መስመሮች ናቸው። `.ass` ፋይል ውስጥ `\N` ተብለው ይታያሉ። ሁለት መስመር የነበረው እያንዳንዱ እንደገና ለሁለት ሲሰበር አራት መስመር ይሆናል፤ አንዱ ረጅም፣ ቀጣዩ አንዲት ቃል፣ ደግሞ ረጅም፣ ደግሞ አንዲት ቃል። እንደዚህ የተሰባበረ ጽሑፍ ካያችሁ አሮጌው `\N` አልወጣም ማለት ነው። በጽሑፍ ማረሚያው «ፈልገህ ተካ» `\N`ን ሁሉ በአንድ ክፍት ቦታ ተኩት፣ ከዚያ ከባዶ ጀምሩ።

የኔ መስመር ከመስተካከሉ በፊት እንዲህ ነበር፦

```
Dialogue: 0,0:01:12.00,0:01:16.40,Default,,0,0,0,,ይህን ጥለት ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ እኔም ለልጄ አሳያለሁ
```

ድምፃቸውን ሰማሁት። «አባቴ ነው» ካሉ በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ 1 ደቂቃ ከ14.6 ሰከንድ ላይ። እዚያ ላይ ለሁለት ከፈልኩት፦

```
Dialogue: 0,0:01:12.00,0:01:14.60,Default,,0,0,0,,ይህን ጥለት\Nያስተማረኝ አባቴ ነው
Dialogue: 0,0:01:14.60,0:01:16.40,Default,,0,0,0,,እኔም ለልጄ\Nአሳያለሁ
```

አሁን እያንዳንዱ ሁለት አጭር መስመር ነው። ሲናገሩና ሲነበብ አብሮ ይሄዳል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ስትከፍሉ ግሡን ከባለቤቱ አትነጥሉ። «ይህን ጥለት ያስተማረኝ» ብላችሁ አቁማችሁ «አባቴ ነው»ን ወደ ቀጣዩ ካሳለፋችሁት አንባቢው ማን እንዳስተማራቸው ሳያውቅ ጽሑፉ ይጠፋበታል። መከፈል የማይችል ረጅም ንግግር ሲያጋጥም ቃሉን ማሳጠር ይሻላል፣ ፊደሉን ከማሳነስ። ስልክ ላይ ከ60 በታች የወረደ የአማርኛ ፊደል፣ በተለይ «ጭ» እና «ጩ»ን፣ «ሕ» እና «ሐ»ን ለመለየት ዓይን ይፈትናል።

ለአማርኛ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይ ከድሮ ጽሑፍ ጥቅስ አስገብታችሁ ቃላቱ መካከል ክፍት ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ካለ፣ እንዲህ፦ «ሰላም፡ለእናንተ፡ይሁን»፣ `.ass` ፋይል ላይ መስመር የሚሰበረው ክፍት ቦታ ላይ ስለሆነ ሙሉው ጥቅስ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል። አይሰበርም። በግራም በቀኝም ከፍሬሙ ወጥቶ ይሄዳል። ሌላው መስመር ሁሉ ደህና ሆኖ አንድ መስመር ብቻ በሁለቱም ጫፍ ከተቆረጠ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ። ከሁለት ነጥቡ ቀጥላችሁ አንድ ክፍት ቦታ ጨምሩ፣ ወይም ራሳችሁ በ`\N` ስበሩት።

5. ሙሉውን ከማውጣት በፊት አንድ ፍሬም ሞክሩ

ረጅም ቪዲዮ አውጥቶ መጨረሻ ላይ ስህተት ማየት ያበሳጫል። ረጅሙ መስመር ያለበትን ሰከንድ ምረጡና አንድ ፎቶ አውጡ፦

```
ffmpeg -i shema.mp4 -ss 73 -vf "crop=608:1080:700:0,scale=1080:1920,setsar=1,subtitles=kum.ass" -frames:v 1 test.png
```

`-ss` ከ`-i` በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ከፊት ካስቀመጣችሁት ሥራው ይፈጥናል፣ ግን የቪዲዮው ሰዓት ከዜሮ ስለሚጀምር ሰብታይትሉ ከሰዓቱ ይንሸራተታል። 73ኛው ሰከንድ ላይ መታየት ያለበት ጽሑፍ ሳይታይ መጀመሪያ ላይ የነበረው ብቅ ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ተደናግሮ የፋይሉን ሰዓት ሁሉ በእጁ ሲቀይር አይቻለሁ። ሰዓቱ ምንም አልሆነም፣ የ`-ss` ቦታ ነው።

ትእዛዙ ሲሠራ የሚጽፈውንም አንብቡ። `fontselect` የሚል መስመር ይወጣል፣ የጠየቃችሁትን ፎንትና በእውነት የተጠቀመውን ጎን ለጎን ያሳያል። የጠየቃችሁት ፎንት ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሌለ ዝም ብሎ ሌላ ይወስዳል። የሌላው ፎንት ፊደል ሰፋ ካለ የለካችሁት 18 ፊደል ሁሉ ከንቱ ይሆናል፣ ሁለት መስመር ያላችሁት ሦስት ይሆናል። በቤት ኮምፒውተር ደህና የሆነው ቢሮ ሲወጣ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ፎንቱን አብራችሁ ውሰዱ፣ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና `subtitles=kum.ass:fontsdir=.` በሉ።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የሰብታይትሉን ሙሉ አድራሻ ከ`C:` ጀምራችሁ አትጻፉ። ያቺ ሁለት ነጥብ ለኤፍኤፍኤምፔግ ሌላ ትርጉም አላት፣ ፋይሉን አላገኘሁም ይላችኋል። ቪዲዮውንና ሰብታይትሉን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ፣ ትእዛዙንም ከዚያው ፎልደር ስጡ።

ፎቶው ሲወጣ ወደ ስልካችሁ ላኩና በስልኩ እዩት። ትልቅ ስክሪን ላይ አይታችሁ አትመኑ።

6. አሁን አውጡት

```
ffmpeg -i shema.mp4 -ss 60 -to 120 -vf "crop=608:1080:700:0,scale=1080:1920,setsar=1,subtitles=kum.ass" -c:v libx264 -crf 20 -c:a aac kum.mp4
```

ከ60ኛው እስከ 120ኛው ሰከንድ ያለውን ብቻ ይወስዳል። ከሙሉው ቪዲዮ በአንድ ትእዛዝ ስለቆረጥነው የሰብታይትሉ ሰዓት አይነካም። አንዷን ደቂቃ ቀድማችሁ ለብቻ ካወጣችኋት ግን ሰብታይትሉም ወደኋላ 60 ሰከንድ መሳብ አለበት።

ትእዛዝ መጻፍ የማይመቻችሁና በኤዲቲንግ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ያው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የፕሮጀክቱን መጠን 1080 በ1920 አድርጉ። ከዚያ ምስሉን አስተካክሉ። ሰብታይትሉን የምታስገቡት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። አግድም ፕሮጀክት ላይ ጽሑፉን ጨርሶ መጠኑን መጨረሻ ላይ መቀየር ነው ጣጣ የሚያመጣው፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ አንድ በአንድ መጎተት ይመጣል።

7. ፋይሉ ደህና ሆኖ ስልክ ላይ ሲታይ ብቻ ከተቆረጠ

ይህ ሌላ ነገር ነው። አግድሙን ቪዲዮ የሚያይ ሰው ስልኩን አጋድሞ፣ ጥቁሩ ቦታ እንዳይታየው በሁለት ጣት ይለጥጠዋል። ብዙ ስልክ 20 ለ9 ነው፣ ቪዲዮው ግን 16 ለ9። ወርዱን ለመሙላት ሲለጠጥ ከላይ 10 በመቶ፣ ከታች 10 በመቶ ከስክሪኑ ይወጣል። ቁመቱ 1080 በሆነ ቪዲዮ ላይ ከታች 108 ፒክስል ሄደ ማለት ነው።

አሁን የተጣበቀ ሰብታይትል አስቡ፣ ከታች 60 ፒክስል ክፍተት ያለው፣ ፊደሉ 54 የሆነ። አንድ መስመር ከ60 እስከ 114 ነው የሚይዘው። 108ቱ ሲቆረጥ የፊደሎቹ አናት ላይ ያለች ቀጭን ክር ብቻ ትቀራለች። ሁለት መስመር ከሆነ ላይኛው በደንብ ይነበባል፣ ታችኛው የለም። ተመልካች «የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው የሚታየው» ካላችሁ ይህ ነው። መፍትሔው ሰብታይትሉን ስታጣብቁ ለአግድሙ ከታች ያለውን ክፍተት 130 ማድረግ ነው። ያኔ የለጠጠውም ያልለጠጠውም ያነበዋል።

ሰፋ ያለ ፊልም ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ምስሉ 2.39 ለ1 ሆኖ 1920 በ1080 ፍሬም ውስጥ ሲቀመጥ ከላይና ከታች 138፣ 138 ፒክስል ያህል ጥቁር ይሆናል። ሰብታይትሉ ከታችኛው ጥቁር ላይ ሲጻፍ ያምራል፣ ምስሉን አይሸፍንም። ግን አንድ ሰው ጥቁሩን ቆርጦ እንደገና ሲጭነው ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። ቪዲዮው በሌሎች እጅ ይዞራል ብላችሁ ካሰባችሁ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አድርጉት።

ለብቻው ያለ ሰብታይትል ከሆነ ተመልካቹ ራሱ ማስተካከል ይችላል። ቪኤልሲ ላይ ከ`Tools` ወደ `Preferences`፣ ከዚያ `Subtitles / OSD` ውስጥ `Force subtitle position` የሚል አለ፣ ቁጥሩን ሲጨምሩ ጽሑፉ ወደ ላይ ይወጣል። ኤምፒቪ የሚባለው ማጫወቻ ላይ `r` መጫን ይበቃል። ደግሞ ቪኤልሲ ላይ `c` የምትለዋ ቁልፍ ምስሉን ትቆርጣለች፣ `a` ደግሞ ሪሾውን ትቀይራለች። ሳይታወቅ ተነክተው ሊሆን ስለሚችል ጽሑፍ ተቆረጠብኝ የሚላችሁን ሰው መጀመሪያ ሁለቱንም `Default` እስኪሉ ደጋግሞ እንዲጫናቸው ንገሩት።

እኔ አሁን ለእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ አራት ፋይል አስቀምጣለሁ፦ ጽሑፍ የሌለበትን ንጹሕ ቪዲዮ፣ `agdim.ass`፣ `kum.ass` እና ፎንቱን። የሸማኔውን ቪዲዮ እንደገና አውጥቼ ለልጃቸው ስልክላት ጥለቱም፣ አባትየውም፣ ልጁም በየመስመራቸው ነበሩ።